አንድ የበዓል ቅናሽ በሦስት መንገድ፦ የባሕር ዳር የልጆች ልብስ ሱቅ የዘመን መለወጫ ማስታወቂያ

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ለ2012 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚገኝ አንድ የልጆች ልብስና ጫማ መሸጫ ያወጣውን የቅናሽ ማስታወቂያ ይመለከታል። ማስታወቂያው በሦስት መንገድ ወጥቷል፤ በስልክ የጽሑፍ መልእክት፣ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ፣ እንዲሁም በሱቁ መስታወት ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ። ሥራው ለእኔ የተሰጠኝ በነሐሴ አጋማሽ ነበር። የሱቁን ባለቤትና ሠራተኞች በስም አልጠቅስም፤ የሱቁን ስምም በምሳሌዎቹ ውስጥ «ሱቃችን» በሚል ተክቼዋለሁ። እውነተኛው ስም እንደዚሁ አራት ፊደል ስለሆነ ቆጠራው አይለወጥም።

ባለሱቋ ለበዓሉ ከሚሸጡት ውስጥ አብዛኛውን የሚሸጡት ከነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ባሉት ቀናት ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። የመንግሥት ሠራተኛው የነሐሴ ደመወዝ በእጁ የሚገባው በዚያን ሰሞን ሲሆን፣ ጳጉሜን ደግሞ የራሷ ደመወዝ ስለሌላት ያው ገንዘብ በዓሉንም፣ የትምህርት ቤቱንም ወጪ፣ መስከረምንም መሸፈን አለበት። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ልብስና ጫማ የሚገዛው ገንዘቡ ወደ በግና ወደ ዶሮ ሳይሄድ፣ በጊዜ ነው። ማስታወቂያው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሚያገኘው ቦርሳ ሌላ ነው።

ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ምን ችግር ነበረበት?

በቀደመው ዓመት ሱቁ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያንኑ ጽሑፍ ሳይቀይር በሦስቱም መንገድ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«እንኳን ለ2011 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ድርጅታችን በዓሉን ምክንያት በማድረግ በልጆች ልብስና ጫማ ላይ እስከ 25% የሚደርስ ታላቅ ቅናሽ ማድረጉን በደስታ ይገልጻል። ቅናሹ ከ1,500 ብር በላይ ለሚገዙ ብቻ ሲሆን እስከ ጳጉሜን 5 ይቆያል።»

እንደ ደብዳቤ ካየነው ነውር የለበትም። በስልክ መልእክት ሲላክ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የስልክ መልእክት እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በፊደላችን የተጻፈ መልእክት ግን በሌላ የአመሳጠር ስልት ስለሚላክ የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው። ፊደልም፣ ቁጥርም፣ ነጥብም፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም እያንዳንዱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጽሑፉ ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን መልሶ ለመግጠም የሚያስፈልገው መረጃ ቦታ ስለሚወስድም እያንዳንዱ ክፍል 67 ምልክት ብቻ ይይዛል። ስልኩ ክፍሎቹን አገጣጥሞ እንደ አንድ ስለሚያሳይ ተቀባዩ ልዩነቱን አያየውም፤ ላኪው ግን የሚከፍለው በክፍል ቁጥር ነው።

ከላይ ያለው ጽሑፍ 169 ምልክት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ክፍል ይወጣዋል። በደብተር የተመዘገቡት ደንበኞች ስምንት መቶ ገደማ ስለነበሩ ሱቁ የከፈለው የ2,400 መልእክት ዋጋ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የከበደኝ ግን ሌላው ነው። የመጀመሪያዎቹ 67 ምልክቶች የሚያበቁት ልክ «በማድረግ» ከሚለው ቃል በኋላ ነው። መልእክቱ ሲገባ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው መስመር መልካም ምኞት እንጂ ቅናሽ የለውም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከባንኩም፣ ከዕድሩም፣ ከማኅበሩም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት ይጎርፋል፤ ሰው ከፍቶ ሳያነብ ያልፈዋል። ከፍቶ ያነበበም ቢሆን መልእክቱ የመጣው ከአጭር ቁጥር ስለሆነ «ድርጅታችን» የተባለው ማን እንደሆነ ማወቂያ የለውም፤ የሱቁ ስም በጽሑፉ ውስጥ የትም አልተጻፈም።

በመስታወቱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ማተሚያ ቤቱ ለማሳመር ሲል «25% ቅናሽ» የሚለውን በትልቁ፣ «እስከ» የሚለውን በትንሹ፣ የ1,500 ብሩን ገደብ ደግሞ ከሥር አሰፈረው። የታችኛው መስመር ከጉልበት በታች ስለዋለ ከፊቱ የተደረደሩት የጫማ ካርቶኖች ሸፈኑት። ሠራተኞቹ እንደነገሩኝ በገዢና በሻጭ መካከል በየቀኑ ክርክር ነበር፤ አንዷ እናት አንድ ጥንድ ጫማ ይዛ ሒሳብ ልትከፍል ስትል ቅናሹ እንደማይመለከታት ሲነገራት ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጥታለች። ሌሎች በትክክል 25% የሚቀነስላቸው መስሏቸው ገብተው፣ ያ ቅናሽ የሚሠራው ከዓመት በፊት በቀሩ ጥቂት ቀሚሶች ላይ እንደሆነና ሌላው ዕቃ ሁሉ 10% ብቻ እንደሚቀንስ ሲሰሙ ተቆጥተዋል።

ማስታወቂያውን ከመጻፍ በፊት ቅናሹን መለወጥ

ባለሱቋ ሲጠሩኝ የፈለጉት ያንኑ ቅናሽ ለመልእክቱ እንዳሳጥርላቸው ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ የቃላት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን በ70 ምልክት ውስጥ ከነገደቡ የማይገባ ቅናሽ በመስታወትም ላይ ከነገደቡ አይነበብም ብዬ ስለማምን፣ መጀመሪያ እንድንነጋገር የጠየቅኋቸው ስለ ቅናሹ ራሱ ነው። ሦስቱ መንገዶች የሚሸከሙት ጽሑፍ መጠን በጣም ይለያያል፤ ቅናሹ ግን አንድ ነው። ሰፊው ቦታ ላይ ገደቡን ጽፎ ጠባቡ ላይ መተው አንዱን ደንበኛ በአንድ ሕግ፣ ሌላውን በሌላ ሕግ መጥራት ነው።

የ1,500 ብሩ ገደብ ለምን እንደተቀመጠ ስጠይቃቸው፣ አንድ ዕቃ ብቻ ገዝቶ ቅናሽ ወስዶ የሚሄድ ሰው እንዳይበዛ ነው አሉኝ። ወረቀት ላይ አሰላነው። አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ 450 ብር ይሸጡ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ጫማና የ1,150 ብር ልብስ ቢገዛ ጠቅላላው 1,600 ብር ነው። በአሮጌው አሠራር 10% ሲቀነስ 160 ብር ይሄዳል። ገደቡ ተነሥቶ ቅናሹ በጫማ ብቻ ቢሆንና 20% ቢደረግ ግን ከዚሁ ቤተሰብ የሚቀነሰው 90 ብር ነው። ጫማ ብቻ የሚገዛ ሰው ላይ ትርፋቸው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጫማ ልጁን ይዞ ካልመጡ የማይገዛ ዕቃ ስለሆነ ልጅና ወላጅ አብረው ይገባሉ፣ ከገቡም በኋላ ልብሱ እዚያው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ባለሱቋ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ተስማሙ። ቅናሹም «የልጆች ጫማ ሁሉ 20%» ሆነ፤ «እስከ» የለውም፣ ዝቅተኛ የግዢ መጠን የለውም፣ ከቅናሹ ውጭ የሚሆን የጫማ ዓይነትም የለውም።

ሁለተኛው ውሳኔ የቀኑ ነበር። 2011 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ በቀደመው ዓመት ግን አምስት ብቻ ነበረች። ያለፈውን ዓመት ጽሑፍ ቀድቶ «እስከ ጳጉሜን 5» የሚል ሰው የዋዜማውን ቀን፣ ማለትም ገበያው ከሁሉ የሚደምቅበትን ቀን፣ ከቅናሹ ያስወጣዋል። ቀኑ ረቡዕ ይውል ስለነበር በሦስቱም ቦታ «ረቡዕ ጳጉሜን 6» ተብሎ እንዲጻፍ ወሰንን። የዕለቱ ስም ሲጨመር ጥርጣሬ ያጠፋል፤ ጳጉሜን ስንት እንደምትሆን ያላሰበ ሰው እንኳ ረቡዕ መቼ እንደሆነ ያውቃል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የቅናሹ ዓረፍተ ነገርና የማብቂያው ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው በባለሱቋ ተፈረመባቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሊለውጣቸው አይችልም፤ ሌላው ሁሉ እንደየቦታው ይለወጣል።

የስልክ መልእክቱ

የተላከው መልእክት ይህ ነው፦

«ሱቃችን፦ የልጆች ጫማ ሁሉ 20% ቅናሽ። እስከ ረቡዕ ጳጉሜን 6። ቅዳሜ ገበያ መግቢያ። መልካም አዲስ ዓመት!»

ይህ ከነነጥቡና ከነባዶ ቦታው 69 ምልክት ነው። የሱቁ ስም መጀመሪያ የገባው ላኪው አጭር ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ቅናሹ ወዲያው ይከተለዋል፤ መልካም ምኞቱ መጨረሻ ላይ ነው። ባለሱቋ ምኞቱ ወደ ኋላ መሄዱን አልወደዱትም ነበር፤ «በዓል ሳይሉ ወደ ገበያ መሮጥ ነውር ነው» ብለው ተከራክረዋል። ነገሩ እውነትነት ስላለው ለምኞቱ ሌላ ቦታ ፈለግንለት፤ በመስከረም 1 ጠዋት ምንም የሽያጭ ቃል የሌለበት የአደይ አበባ ፎቶግራፍና የበዓል ሰላምታ በቴሌግራምና በፌስቡክ እንዲወጣ ተደረገ።

አንድ ትንሽ ነገር ሥራውን ሊያበላሸው ደርሶ ነበር። መልእክቱን ወደ መላኪያው ሥርዓት ያስገባው ወጣት ጽሑፉን እንደገና በራሱ ስልክ ሲተይብ፣ አራት ነጥቡን በአንድ ምልክት «።» ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ «፡፡» አድርጎ ጻፈው። ለዓይን ልዩነት የለውም። በቆጠራ ግን እያንዳንዱ አራት ነጥብ ሁለት ምልክት ይሆናል፤ በመልእክቱ ውስጥ ሦስት አራት ነጥብ ስላለ 69ኙ 72 ሆነ፣ መልእክቱም ወደ ሁለት ክፍል ተከፈለ፣ ዋጋውም እጥፍ ሊሆን ነበር። የታወቀው ከመላኩ በፊት ሥርዓቱ የሚያሳየው የክፍል ቁጥር 2 መሆኑን ባለሱቋ ራሳቸው አይተው ስለጠየቁ ነው። ስለዚህ የተስተካከለውን ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ እንጂ እንደገና መተየብ አያስፈልግም፤ ከመላክ በፊትም ወደ ራስ ስልክ አንድ ሙከራ ልኮ የተቆረጠውን ሒሳብ ማየት ይበቃል።

መልእክቱ ነሐሴ 28 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተላከ። ለሁለተኛ ጊዜ ለማስታወስ መላክ ታስቦ ነበር፤ በኋላ በሚገለጸው የጫማ ቁጥር እጥረት ምክንያት ቀርቷል።

የቴሌግራምና የፌስቡክ ልጥፎች

እዚህ ቦታ ሰፊ ነው፤ የሰፊ ቦታ ፈተና ደግሞ ሁሉን ነገር መናገር ነው። ቅናሹን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ከመልእክቱ ሳይለወጥ በመጀመሪያው መስመር ገባ፤ ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን አጥፎ ስለሚያስቀምጥ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አይከፍተውም። ከዚያ በታች በመልእክቱ ያልተቻለው ዝርዝር ተጨመረ፦ ያሉት የጫማ ቁጥሮች፣ ከቅናሹ በፊትና በኋላ ያለው ዋጋ፣ የሥራ ሰዓት፣ የስልክ ቁጥር። ዋጋ መጻፉ ባለሱቋን አስፈርቷቸው ነበር፤ በከተማው ብዙ ሻጭ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ማለፍ ለምዷል። ሆኖም ዋጋን በግልጽ ማሳየት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴ ግዴታ ሆኖ በሱቁ ውስጥ ተለጥፎ የሚታይ ከሆነ፣ በስልክ መደበቁ የሚጠቅመው ነገር አይታየኝም። ይህ የቆየ ልምድ ሲቀር «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአስተያየት መስጫው ላይ በጣም ቀነሰ፤ በፈንታው «ቁጥር 30 አለ?» የሚል መምጣት ጀመረ። ይህኛው ጥያቄ የገዢ ጥያቄ ነው።

ፎቶግራፉ ላይ የተጻፈው ግን አጭር ነው፤ ጫማው፣ «450» ተሰርዞ «360 ብር»፣ «እስከ ረቡዕ ጳጉሜን 6»። ቀኑ በፎቶግራፉ ውስጥ እንዲገባ የተደረገው ሰው ፎቶግራፉን ብቻ አውጥቶ ወደ ቤተሰብ ቡድን ስለሚልከው ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ መንገድ ላይ ይቀራል። ያለ ቀን የሚዞር የቅናሽ ፎቶግራፍ በጥቅምት ወርም ደንበኛ ያመጣል፤ የሚያመጣው ደንበኛ ግን ተጣልቶ የሚመለስ ነው።

የመስታወቱ ጽሑፍ

በመስታወት ላይ ሦስት መስመር ብቻ ቀረ፦

«የልጆች ጫማ ሁሉ
20% ቅናሽ
እስከ ረቡዕ ጳጉሜን 6»

አድራሻ አያስፈልግም፤ አንባቢው እዚያው ቆሟል። የሱቁ ስምም ከበላዩ አለ። የፊደሉን ቁመት የወሰነው ርቀት ነው። በማስታወቂያ ሥራ የተለመደው ስሌት ለየሦስት ሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት ይላል፤ ከመንገዱ ማዶ እስከ መስታወቱ 12 ሜትር ስለሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ስሌት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለይበት ምልክት በጎኑና በእግሩ የተቀጠለች ትንሽ ጭረት ስለሆነች ከሩቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ቁመቱን 15 ሴንቲ ሜትር አድርገን፣ በጣም የወፈረውንም የፊደል ዓይነት ትተን መካከለኛውን መረጥን፤ የወፈረው «ጫ» ላይ ክፍተቶቹን ደፍኖ ከማዶ ጥቁር ነጠብጣብ አስመስሎት ነበር። ይህን ያወቅነው በወረቀት አንድ ቃል አትመን፣ ለጥፈን፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ቦታ ሆነን በማየት ነው።

ሌላው ጉዳይ የመስታወቱ ነጸብራቅ ነው። በቀደመው ዓመት ቢጫ ፊደላት በቀጥታ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲገለጥ መስታወቱ መንገዱንና ዘንባባዎቹን ሲያንጸባርቅ ፊደላቱ ይጠፋሉ። በዚህኛው ዙር የአደይ አበባውን ቢጫ ለመደቡ ሰጥተን ፊደሉን ጥቁር አደረግነው፤ ጽሑፉም ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ላይ ታትሞ በዓይን ከፍታ ተለጠፈ። ጳጉሜን ገና ዝናብ ያልጨረሰበት ጊዜ ስለሆነ የተለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው።

ያልሠራው

ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን በቴሌግራም ሲቀበል በአሮጌ የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ይሠራ ስለነበር የተላከለት ጽሑፍ በባዶ ሳጥን ተሞላበት። ደውሎ ከመጠየቅ ይልቅ ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ አሻሻለው። ቅናሹን ቀየረ፤ ቀኑን «ጳጉሜን 5» እንዳለ ተወው፤ «ረቡዕ» የሚለውን ግን ጨመረ። በጥድፊያ የተለጠፈውን ጽሑፍ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም አላስተዋለውም። ጳጉሜን 1 ላይ አንድ አባት ስልኩን አውጥቶ ሲያሳያት ሽያጭ ሠራተኛዋ ወደ ባለሱቋ ዞራ፣ «እትዬ፣ መልእክቱ ስድስት ይላል፣ መስታወቱ አምስት ይላል፤ የትኛውን ልበላቸው?» አለች። በወረቀቱ ላይ የተፈረመው ስድስት ስለነበር ክርክር አላስፈለገም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ «6» ታትሞ በ«5» ላይ ተለጠፈ። «ረቡዕ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጠቅሞናል፤ ጳጉሜን 5 ማክሰኞ ስለሆነ ስሕተቱን ያየ ሰው አንዱ ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ለማተሚያ ቤት የምሰጠው ጽሑፉን በፎቶግራፍም ጭምር ነው፤ ከመታተሙ በፊትም የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር እጥረት ነው። ጳጉሜን 2 ቅዳሜ ስለነበር ገበያው ሞልቶ ከ28 እስከ 31 ያሉት ጫማዎች ከሰዓት በኋላ አለቁ። እዚህ ላይ የሦስቱ መንገዶች እውነተኛ ልዩነት ታየ። የመስታወቱ ጽሑፍ በደቂቃ ይለወጣል፤ «ከ28–31 አልቋል» የሚል ወረቀት ከሥሩ ተለጠፈ። የቴሌግራሙና የፌስቡኩ ልጥፍ ተስተካከለ፤ አስቀድመው የተሰራጩት ፎቶግራፎች ግን እንደነበሩ ቀሩ። የስልክ መልእክቱ ከተላከ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ከዘጌና ከመራዊ በመልእክቱ ተጠርተው የመጡ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ ባለሱቋ ለእነዚህ ሰዎች ስማቸውን መዝግበው ዕቃው ሲመጣ በዚያው ዋጋ እንደሚሰጧቸው ቃል ገቡ፤ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ፈጽመውታል። ሊላክ የነበረው ሁለተኛ መልእክት የተሰረዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ እንዴት ታየ?

ሠራተኛዋ ሒሳብ ስትቀበል «የት ሰሙ?» ብላ እየጠየቀች በደብተር ጭረት ታደርግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መልእክቱ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ መስታወቱ በልጠዋል፤ ቴሌግራም በሁለቱ መካከል ሳይወጣ ሳይወርድ ቆየ። ይህን ቆጠራ ከሚገባው በላይ አላምነውም። በመልእክት ሰምቶ የመጣ ሰው በመስታወቱ በኩል ሲገባ ጽሑፉን ያየዋል፤ ሲጠየቅም በቅርብ ያየውን ይናገራል። የማያወላዳው ውጤት ሌላ ነው፤ ከቁጥር እጥረቱና ከቀኑ ስሕተት በቀር ቅናሹ ምን እንደሆነ በገዢና በሻጭ መካከል የተነሣ ክርክር በደብተሩ አልተመዘገበም።

ወደ ሌላ ሱቅ ሊሄድ የሚችለው

ቅናሽ ሲታሰብ ከጠባቡ ቦታ መጀመር ይሻላል። በ70 ምልክት ከነስምና ከነቀን የማይገባ ከሆነ፣ የሚቆረጠው ጽሑፉ ሳይሆን ገደቡ ነው። ይህ ለሁሉም ሱቅ አይሆንም፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዋስትናና የአከፋፈል ሁኔታ መግለጽ ስላለበት መልእክቱን ወደ ሱቁ ወይም ወደ ቻናሉ መጥሪያ ብቻ አድርጎ፣ የቅናሹን መጠን ጨርሶ ባይጽፍ ይመረጣል።

ሊለወጥ የሚችል ነገር ሊለወጥ በሚችል ቦታ ይጻፍ። የዕቃ ብዛት፣ ያሉ ቁጥሮችና ቀለሞች የመስታወትና የልጥፍ ጉዳይ ናቸው፤ በስልክ መልእክት የሚገባው እስከ መጨረሻው ቀን እውነት ሆኖ የሚቆይ ነገር ብቻ ነው። ባለሱቋ በሚቀጥለው ዓመት መልእክቱን ለሁሉም በአንድ ቀን ላለመላክ ወስነዋል፤ ከከተማው ውጭ ላሉት ደንበኞች ቀድሞ፣ በከተማው ላሉት ከቅዳሜ ገበያ በኋላ፣ በእጅ ያለው ዕቃ ታይቶ ይላካል። ለዚህም ደብተሩ ላይ ከስልክ ቁጥሩ ጎን የመኖሪያ ቦታና የልጁ የጫማ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ተጨምሯል።